አራቱ የምግብ ዋስትና ምሰሶዎች፦ ለፈተናሽ አንድ የመንዝ ቤት ይበቃሻል

«ፈተና ላይ "አራቱን የምግብ ዋስትና ምሰሶዎች በምሳሌ አብራሩ" የሚል ከአሥር ነጥብ የሚታረም ጥያቄ መጣ። እኔ የጻፍኩት፦ አቅርቦት፣ ሚንጃር ብዙ ጤፍ ያመርታል። ተደራሽነት፣ መንገድ አለ። አጠቃቀም፣ ምግብ አለማባከን። መረጋጋት፣ ሰላም መኖር። አራት ሰጡኝ! ስሞቹን ሁሉ በትክክል ጽፌ ስድስት ነጥብ የተቀነሰብኝ ለምንድን ነው? ድጋሚ ፈተና ስላለብኝ በምናውቀው በሰሜን ሸዋ ምሳሌ አስረዱኝ።» — ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን

አራቱን ነጥብ ያስገኙልሽ ስሞቹ ናቸው። ስድስቱን የበላብሽ አንዱ ነገር ደግሞ የስሞቹ አማርኛ ነው። «አጠቃቀም» ሲባል ጆሯችን ቁጠባን ይሰማል። «መረጋጋት» ሲባል ሰላምን። «ተደራሽነት» ሲባል መንገድን። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ያጠናሽው በአማርኛ እያሰብሽ ስለሆነ፣ የቃሉ የሰፈር ትርጉም የሙያውን ትርጉም ተክቶብሻል። ብቻሽን አይደለሽም፤ ወረቀት ሳርም በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው። ሁለተኛው ችግር ምሳሌዎችሽ አይተዋወቁም። ጤፉ ሚንጃር ነው፣ መንገዱ የት እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚበላው ሰው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ከትርጉሙ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ የምግብ ዋስትና አለ የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲናገር፣ ሁሉም ሰዎች፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ለንቁና ጤናማ ሕይወት የሚበቃቸውን፣ ደህንነቱ የተጠበቀና የተመጣጠነ ምግብ፣ በአካልም በአቅምም ማግኘት ሲችሉ ነው ይላል። አራቱ ምሰሶዎች ከዚህ ሐሳብ የተመዘዙ ናቸው። «የሚበቃ» የሚለው አቅርቦት ነው። «በአካልም በአቅምም ማግኘት» ተደራሽነት ነው። «ደህንነቱ የተጠበቀ፣ የተመጣጠነ፣ ለጤናማ ሕይወት» የሚለው አጠቃቀም ነው። «በማንኛውም ጊዜ» ደግሞ መረጋጋት ነው።

ትርጉሙ ውስጥ «ማምረት» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በይ። በምግብ ራስን መቻልና የምግብ ዋስትና አንድ አይደሉም። ሲንጋፖር ከምትበላው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ነው የምታስገባው፤ ሕዝቧ ግን አይራብም። ቤቱ ያመረተው የማይበቃው፣ ገዝቶ ግን በደንብ የሚበላ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥም ሞልቷል። በተቃራኒው የሚያመርት ገበሬ ሊራብ ይችላል። ይህ ግልጽ ካልሆነልሽ አራቱም ምሰሶዎች ወደ አንዱ፣ ወደ ምርት ይሰበሰቡብሻል።

አሁን አንድ ቤት እንያዝ። መንዝ ደጋ ነው። ገብስ፣ በግ፣ ብርድ። በቤቱ አምስት ሰው አለ። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ እናስብ፤ በእርዳታ ሥራ ለአማካይ ሰው የሚያዘው መነሻ ይኸው ነው። አንድ ኪሎ ገብስ ወደ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት መቶ ግራም እህል ይመጣል። በአምስት ሰውና በ365 ቀን ስታባዢው 1,095 ኪሎ ይሆናል፤ አሥራ አንድ ኩንታል በይው። ሽሮውን፣ ዘይቱንና ወተቱን ትተን ሁሉንም በእህል ቆጥረን ነው። ከዚህ በኋላ የምሰጥሽ የምርትና የበግ ቁጥር ለስሌቱ ያወጣሁት ነው፤ አንቺም ወረቀትሽ ላይ «ለምሳሌ» ብለሽ ጻፊው። የፈጠርሽውን ቁጥር «በጥናት እንደተረጋገጠው» ብለሽ ካስገባሽ አራሚው ይይዝሻል።

በደህና ዓመት ቤቱ ሰባት ኩንታል ያገባል። አንዱ ለዘር ይቀመጣል። ስድስት ቀረ። ከአሥራ አንድ ስድስት ሲነሳ አምስት ኩንታል ይጎድላል። ይህ ቤት በደህና ዓመትም ራሱን አይችልም ማለት ነው። ግን አሥር በግ አለው።

አቅርቦት የሚጠይቀው «እህሉ በአካባቢው አለ ወይ?» ብሎ ነው። ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። የራስ ምርት፣ የጎታ ክምችት፣ ነጋዴ ያመጣው፣ እርዳታ፣ ሁሉም አቅርቦት ነው። ከጅሩ ጥቁር አፈር የወጣ ስንዴ በጭነት መኪና መሐል ሜዳ ገበያ ከደረሰ፣ መንዝ ላይ አቅርቦት አለ። የሚንጃር ጤፍሽ የተሳሳተ አልነበረም፤ ግማሹን ነው የተናገርሽው። ጤፉ ተመርቶ አዲስ አበባ ከገባ ለመንዙ ቤት ምኑም አይደለም። ሌላው ተማሪ የሚዘለው ነገር ከአጨዳ በኋላ የሚጠፋው ነው። ነቀዝና አይጥ ከጎታ ውስጥ የሚበሉት እህል ተመርቷል፣ ግን አቅርቦት አይደለም። «አለማባከን» ያልሽው ነገር ቦታው እዚህ ነበር። አጠቃቀም ሥር አስገብተሽው ነው ነጥብ ያጣሽበት።

ተደራሽነት ደግሞ «ያ ቤት እህሉን የራሱ ማድረግ ይችላል ወይ?» ይላል። መንገድ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከባዱ አቅም ነው። በደህና ዓመት አንድ በግ አንድ ኩንታል ገብስ ይገዛል እንበል። አምስት በግ ተሸጠ፣ አምስት ኩንታል ተገዛ፣ ጉድለቱ ተዘጋ። ቤቱ አልተራበም።

አሁን በልግ ቀረ። መንዝ ውስጥ በልግ ማለት ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ነው፤ ብዙ ደጋ ቀበሌ ዋና ገብሱን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ክረምቱ ለከፍተኛው ደጋ አይታመንም፤ ውሃው ያጨቀየዋል፣ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ የዚያ ዓመት ምርት አራት ኩንታል ሆነ። ዘር ሲነሳ ሦስት። ጉድለቱ ስምንት ኩንታል ደረሰ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ቆሞ «ምርት ስለቀነሰ ተራቡ» ይላል። ቆይ። ጅሩ ላይ ክረምቱ ደህና ነበር፣ ስንዴው ገበያ ላይ አለ። ታዲያ ምን ተበላሸ? በጉ። በልግ የቀረው ለአንድ ቤት አይደለም፣ ለአገሩ ሁሉ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት በግ እየነዳ ገበያ ይወጣል። ሣር ስለሌለም በጎቹ ከስተዋል። የበግ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። በመጥፎ ዓመት አንዲት እናት ሦስት በግ ይዘው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው አይቻለሁ። ነጋዴው ይመጣል፣ የበጉን ጀርባ በእጁ ይጫናል፣ ዋጋ ይናገራል፣ ይሄዳል። ሲመለስ የሚጠራው ዋጋ ካለፈው ያነሰ ነው። ከኋላቸው አሥር ሜትር ላይ የስንዴ ጆንያ ተደርድሯል። እህሉን እያዩት ነው። ግን የእሳቸው አይደለም።

በስሌት እንየው። አንድ በግ ግማሽ ኩንታል ብቻ መግዛት ቢጀምር፣ ለስምንት ኩንታል አሥራ ስድስት በግ ያስፈልጋል። ቤቱ ያለው አሥር ነው። ሁሉንም ቢሸጥ አምስት ኩንታል ያገኛል፤ ሦስት ኩንታል ይጎድላል። ሦስት ኩንታል ለዚያ ቤት ከሦስት ወር በላይ ምግብ ነው። እናት በጎቹም ስለተሸጡ በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጥ ግልገል የለም።

አማርትያ ሰን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳየው ይህንኑ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ከመንዝ ማዶ የነበረው የወሎ ረሃብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና 66 ዓ.ም. የደረሰው። የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም ነበር። ወሎ ውስጥ ምርት ወድቋል፤ ነገር ግን ገበሬው ምርቱን ሲያጣ የመግዣ አቅሙንም ስላጣ፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃቡን ገበያ አይሰማለትም። ይህን ከጠቀስሽ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ዓመተ ምህረት ስትጽፊ ብቻ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይ፤ በስምንት ዓመት የተሳሳተ ረሃብ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አጠቃቀም የሰውነት ጉዳይ ነው። ምግቡ ቤት ገባ፣ ተበላ፤ ሰውነት ተጠቀመበት ወይ? ለዚህ ከአማራ ክልል የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጫጭር ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ይህ ክልል ጤፍና ስንዴ ለሌላው የሚልክ ነው። እህል የሚልክ ክልል የቀነጨሩ ልጆች ይዟል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትጽፊ፣ አቅርቦትና አጠቃቀም የተለያዩ መሆናቸውን እንደገባሽ አራሚው ያውቃል።

ምክንያቱ ቤት ውስጥ ነው። ወደ መንዙ ቤት ተመለሺ። የአንድ ዓመት ልጅ አለ። የሚሰጠው ምንድን ነው? ውሃ የበዛበት የገብስ ገንፎ ወይም የአዋቂው እንጀራ በመረቅ ርሶ። ሆዱ ይሞላል። ግን ሆዱ ትንሽ ነው፣ ገንፎው ደግሞ ቀጭን ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት የለበትም። እንቁላሉ ቤቱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ ተሸጦ ጨውና ጋዝ ይገዛበታል። የጾም ወቅት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አታስጾምም። ግን እናት ድስቷና ማንኪያዋ እንዳይነካካ ብላ የፍስክ ነገር ጭራሽ አታነሳም፣ ልጁም አብሮ ይጾማል። ከዚህ ላይ ያልተጠበቀ ምንጭ ውሃ ጨምሪበት። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላውን ሰውነቱ ሳይወስደው ይወጣል። ገብሱ ተመርቷል፣ ተገኝቷል፣ ተበልቷል፤ ልጁ ግን አላደገም።

ሌላ ጠንካራ ምሳሌ ከፈለግሽ ጓያ አለልሽ። ጥቁር አፈር ላይ በቀሪ እርጥበት ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው። በአቅርቦትም በተደራሽነትም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደው ደግሞ አይመለስም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም። ጥንቃቄ፦ «ጓያ መርዝ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። አልፎ አልፎ ሽሮ ውስጥ የገባ ጓያ ሰው አይሰብርም። የሚሰብረው ምርጫ ያጣ ሰው የሚበላው ብዙ ጓያ ነው።

አሁን ወደ መረጋጋት። «ሰላም» የሚለው መልስሽ ስህተት የሆነው ሰላም ከምግብ ጋር ስለማይገናኝ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ጣርማበርን ወጥተሽ ደጋው ላይ ዋጋው ይሰቀላል። ይገናኛል። ግን ሰላም ማጣት ምክንያት ነው፤ ምሰሶው አይደለም። ምሰሶው ጊዜ ነው። መረጋጋት ከሦስቱ ጎን የቆመ አራተኛ ዕቃ አድርገሽ አትዪው። ሦስቱን እየዞረ «ዛሬ አለ፣ ነገስ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምሳሌሽ ውስጥ ወር ወይም ዓመት ከሌለ ስለ መረጋጋት አልጻፍሽም።

ወሩን እንከተል። ለዚህ ግን በክረምት ዝናብ የሚያመርት ገበሬ እንውሰድ፤ የበልጉ ቤት ጎታ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ወር ይለያል። ጥር ላይ ጎታው ሙሉ ነው፣ እህልም ርካሽ ነው። ግን የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቀው ያኔ ነው። ገበሬው በዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋ አንድ ኩንታል ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎታው ታች ይወርዳል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ጭቃው መንገዱን ይዘጋል፣ የልጅ ተቅማጥም የሚበዛው ያኔ ነው። ጥር ላይ በሸጠበት ገንዘብ ያኔ ሰባ ኪሎ ቢያገኝ፣ የራሱን እህል ሸጦ ሲገዛው ሠላሳ ኪሎ ጠፋበት። አየሽ፣ በአንድ ወር ሦስቱም ምሰሶ አብረው ይናጋሉ። ጥር ላይ ብትጠይቂው ጠግቧል። «የምግብ ዋስትና አለው» ማለት ግን አትችይም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃል ለይ። በየዓመቱ ክረምት የሚመጣውና ቤቱን መቼም የማይለቀው እጥረት ሥር የሰደደ ነው። በልግ ሲቀር ብቻ የሚመጣው ጊዜያዊ ነው። ያ የመንዝ ቤት ከጊዜያዊው ወደ ሥር የሰደደው የሚገባው አሥረኛውን በግ ሲሸጥ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ዋጋ አለው።

ተማሪ የሚምታታበት ሌላው ነገር እርዳታ የት እንደሚገባ ነው። የሚሰጠውን እይ። እህል ከሆነ አቅርቦትንም ተደራሽነትንም ይነካል። ገንዘብ ከሆነ ተደራሽነትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ ሐሳቡ መረጋጋት ነው፤ ቤቱ በየትኛው ወር ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ካወቀ በጉን በርካሽ አይሸጥም። ክፍያው በሁለትና በሦስት ወር ከዘገየ ግን ይህ ጥቅሙ ይጠፋል፤ በጉ ተሸጦ ካለቀ በኋላ የደረሰ ብር ዕዳ መክፈያ ነው የሚሆነው። ገንዘብም ልክ አለው። ገበያ ላይ እህል ከሌለ ብር ማከፋፈል ዋጋ ከመስቀል በቀር ብዙ አይረዳም። በእኛ ምሳሌ የጅሩ ስንዴ ስላለ ብር ይሠራል። ጅሩም ቢመታ ኖሮ እህሉን ራሱን ማምጣት ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። አራት ቦታ አትሩጪ። አንድ ቤት ምረጪና በአራቱም ምሰሶ አሳልፊው። በእያንዳንዱ ምሰሶ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ቀጥሎ ቤቱ ላይ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ያለፈው ምሰሶ ሞልቶ ሳለ ይህኛው እንዴት እንደሚጎድል። ስድስቱ ነጥብ ያለው ይቺ ሦስተኛዋ ላይ ነው። ለተደራሽነት እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «ተደራሽነት ማለት ቤተሰቡ በገበያ ያለውን ምግብ በገንዘቡ፣ በንብረቱ ወይም በማኅበራዊ ድጋፍ የራሱ ማድረግ መቻሉ ነው። በልግ በቀረበት ዓመት ከጅሩ የመጣ ስንዴ መንዝ ገበያ ላይ ቢኖርም፣ ለምሳሌ አንድ በግ የሚገዛው እህል ከአንድ ኩንታል ወደ ግማሽ ስለወረደ ቤተሰቡ ጉድለቱን መሙላት አልቻለም። አቅርቦት ሳይጎድል ተደራሽነት ጎድሏል።» አራት መስመር አይሞላም፣ ግን ሙሉ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥንቃቄ። አንዳንድ አዲስ ጽሑፍ ላይ ስድስት ምሰሶ ታያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም የምግብ ዋስትና ኮሚቴ የሚያማክረው የባለሙያዎች ቡድን የመወሰን ነፃነትንና ዘላቂነትን እንዲጨመሩ ሐሳብ አቅርቧል። ጥያቄው «አራቱን» ካለ ግን አራቱን ጻፊ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ስትጨምሪ የሚባክነው ለመረጋጋት የሚያስፈልግሽ ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚጻፍ ሁልጊዜ በሁለት መስመር ተቻኩሎ የሚቀረው ነው። ከቻልሽ ከእሱ ጀምሪ።